ባዩ ስኳር አልበላም

ባዩ ከሥራ ሲመለስ በሩን የምትከፍትለት ሚስቱ ሸዋረጋ ናት፤ ሰላምታዋም አንድ ዓይነት ነው።

"እፍ በል።"

"ጫማዬን ላውልቅ እንጂ።"

"መጀመሪያ እፍ በል።"

እፍ ይላል። ሽበቱ የወጣ፣ በደብሩ የሚከበር፣ ልጅ አሳድጎ ኮሌጅ ያስገባ ሰው የሳን ሊያንድሮ አፓርታማው በር ላይ ቆሞ እንደ ሰከረ ሾፌር ትንፋሹን ይመረመራል። የምትፈልገው ግን የመጠጥ ሽታ አይደለም፤ የዶናት፣ የኬክ፣ የለስላሳ ነው። ምንም ስታጣ ደስ ይላታል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ሸዋረጋን አያውቃትም። "አፍህን ተጉመጥምጠህ ነው የመጣኸው" ትለዋለች፤ ቀጥላ የሸሚዙን ኪስ ትፈትሻለች።

እውነቱ ከወዲሁ ይነገርና አንባቢም ከጥርጣሬ ይዳን፦ ባዩ ስኳር አልበላም። ይወዳል፤ እሱን ራሱም አይክድም። ነገር ግን ሐኪሙ ስኳር አለብህ ካለው ቀን ጀምሮ ሻዩን እንኳ መራራውን ነው የሚጠጣው። ሆኖም በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር አንዴ ወርዶ ደስ ካሰኛቸው በኋላ ተመልሶ ወጣ፤ ወጣና አልወርድም አለ። ሰው ሳይበላ ስኳሩ ከየት ይመጣል? ሸዋረጋ ለዚህ ጥያቄ ያላት መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ተደብቆ ይበላል።

ነገሩ የተበላሸው በሌላ በኩል ነበር። ክሊኒኩ ለባዩ ኢንሱሊን ሲያዝለት፣ ነርሷ እስክሪብቶ የሚመስሉትን፣ ፔን የሚሏቸውን መርፌዎች እያሳየች አንድ በአንድ አስረድታው ነበር። ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ በረዶ ግን አይነካውም። የተጀመረው ከፍሪጅ ውጭ ቢሆን ግድ የለም፤ ሙቀት ግን አይወድም። ባዩ ለሁሉም "ኦኬ፣ ኦኬ" አለ። ከሁሉ ግን ጆሮው ውስጥ የቀረችው "መርፌ" የምትለዋ ብቻ ነበረች።

ቤት ሲደርሱ የመጀመሪያው ሳጥን በደንብ ፍሪጅ ውስጥ ገባ። ስኳሩም ወረደ። ከዚያ የማርያም ማኅበር ተራ ደረሰባቸው።

ማኅበርተኛ እንግዳ ሆኖ አይቀመጥም። ሴቶቹ ገና ነጠላቸውን ሳያወልቁ "እስቲ ላግዝሽ" ብለው ወጥ ቤት ይገባሉ፤ ወጥ ቤት የገባ ደግሞ ፍሪጅ ይከፍታል። በተለይ ከዩኒየን ሲቲ የሚመጡት እትዬ ሀረገወይን የሰው ፍሪጅ ሲከፍቱ የገዛ ቤታቸውን ቁም ሣጥን የሚከፍቱ ይመስላሉ። እሳቸው ያዩት ነገር ወሬ ሆኖ ኦክላንድ የሚደርሰው ከባቡሩ ቀድሞ ነው። ከኦክላንድ አዲስ አበባ ደግሞ አንድ የስልክ ጥሪ ነው፤ አዲስ አበባ ያሉት የባዩ እናት ልጃቸው መርፌ መወጋት ጀመረ ሲባል ቢሰሙ ድንኳን ከማስተከል አይመለሱም።

ስለዚህ ሸዋረጋ ሳጥኑን በፎይል ጠቀለለችና ፍሪዘር ውስጥ፣ ከከረጢት ጎመን ሥር ቀበረችው። ለአንድ ቀን ነው አለች። ደግሞስ ቅዝቃዜ የሚወድ መድኃኒት ይበልጥ ቢቀዘቅዝ ምን ይለዋል? እንግዶቹ ሲሄዱ ብታወጣው ድንጋይ ሆኗል። ባዩ ትንሽ ከፋው።

"ይኼ ነገር ይሠራል?"

"ሥጋም ይቀዘቅዛል፣ ይፈታል፣ ይበላል" አለችው፤ መርፌዎቹን መስኮት ላይ አሰልፋ ፀሐይ አስመታቻቸው። ሲፈቱ እንደ ውኃ ጠሩ። መልካቸው አልተለወጠም፣ ሽታቸው አልተለወጠም። የተለወጠው አለመታየቱ ነበር ክፋቱ፤ አንዴ በረዶ የመታው ኢንሱሊን ቢፈታም ኢንሱሊን አይደለም።

ሁለተኛውን ሳጥን ባኞ ቤት፣ ከመስታወቱ ጀርባ፣ ከባዩ ክኒኖችና ደም ከሚነካባቸው የስኳር መለኪያው ስትሪፖች ጋር አስቀመጡት። በዚያ ባኞ ቤት ልጃቸው ቤቴል ቅዳሴ የሚያህል ሻወር ትወስዳለች፤ ስትወጣ ግድግዳው ያልበዋል፣ የክኒኑ ዕቃ ሳይቀር ይረጥባል። ይህም አላሳሰባቸውም። ያሳሰባቸው በሌላ ቀን አንዲት እንግዳ ራሷን አሟት መድኃኒት ፍለጋ መስታወቱን ልትከፍት ስትል ነው። ሸዋረጋ መስታወቱ ሲንቀጫቀጭ ሰምታ በሩን ደብድባ "ውጪ፣ ውጪ፣ ቧንቧው ሊፈነዳ ነው" ብላ አስወጣቻት። እንግዳዋ እስከ ዛሬ ያንን ባኞ ቤት አትጠቀምም።

በዚህ ጊዜ ባዩ ቆርጦ ተነሣ። "መኪናዬ ውስጥ አደርገዋለሁ። እዚያ ማን ይገባል?" አለ። ሥራው ሰው በመኪና ማመላለስ እንደሆነ ለጊዜው ረስቶት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኢንሱሊኑ ኑሮው በዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ሆነ። ጠዋት ከኦክላንድ ተሳፋሪ ይዞ ሳን ሆዜ ይወርዳል፤ እኩለ ቀን ላይ አንድ የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ውስጥ ያቆምና ሸሚዙን ገልጦ ሆዱን ይወጋል፤ ከዚያ መስኮቱን ዘግቶ ምሳውን ሊበላ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ኦክላንድ ነፋሱ አለ፤ የሳን ሆዜ በጋ ግን ምሕረት አያውቅም። ሲመለስ መሪው አያስይዝም፣ የቀበቶው ብረት ይፋጃል። "ኧረ ይኼ መኪና ምጣድ ሆነ" እያለ በሩን ከፍቶ ያናፍሳል። እሱ አየር ሳያገኝ መቀመጥ ያልቻለበት መኪና ውስጥ መድኃኒቱ ሲጠበስ መዋሉ አንድም ቀን አልታየውም።

በነሐሴ ክሊኒኩ ደም ወሰደ። የሦስት ወሩ አማካይ ስኳር ከመጀመሪያው ምርመራም ብሶ ተገኘ። ሐኪሙ ትሑት ወጣት ነበር፤ አልተቆጣም።

"ኢንሱሊኑን በየቀኑ ይወስዳሉ?"

"በየቀኑ።"

"ምግብስ?"

ባዩ አፉን ሳይከፍት ሸዋረጋ መለሰችለት። "ዶክተር፣ ሂ ኢትስ። ሲክሬት። ኢን ዘ ካር።"

"አልበላም" አለ ባዩ።

"ይበላል።"

ሐኪሙ በሁለቱ መካከል ሆኖ ዳኛም አማላጅም መሆን ስላልቻለ ኮምፒውተሩን አየ። ስኳሩ የማይወርድ ከሆነ ዶዙ፣ የመርፌው መጠን፣ ይጨመራል፤ ጨመረው፤ ብዙ ጨመረው። ዓይን ሲደበዝዝ፣ እግር ሲደነዝዝ ምን እንደሚከተልም ነገራቸው። ባዩ ማታ ማታ የመንገድ ምልክት እየደበዘዘበት መምጣቱን ለማንም አልተናገረም።

ግን ልብ በሉ፤ ያን ቀን ወደ ቤት ሲነዳ አንጀቱን የበላው የዓይኑ ነገር አልነበረም። ከሸዋረጋ ጋር በስደተኛ ካምፕ አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተዋል። ሥራ ባጣ ጊዜ አምናዋለች፤ መኪናውን በዕዳ ሲገዛ አምናዋለች። አሁን በአንድ ኩኪስ አላመነችውም። ስድብ ቢሆን ይመልስ ነበር፤ አለመታመን ግን መልስ የለውም። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ይባላል፤ የባዩ ግን አደረ፣ ሰነበተ፣ ከረመ፣ አልጠራም።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ጉድ ወጣ። ሸዋረጋ የመኪናውን ምንጣፍ ላራግፍ ብላ ወረደችና፣ ልማዷ ነውና መሳቢያውን ከፈተች። አንድ ትልቅ ቸኮሌት አገኘች፤ ይልቁንም ቸኮሌት የነበረ ነገር አገኘች። ቀልጦ ከመጠቅለያው ወጥቷል፤ የመኪናውን ወረቀት፣ መነጽሩን፣ የኢንሱሊኑን ፔኖች ሁሉ ለብጧቸዋል። እንዳለ በሶፍት ይዛ ወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

"ይኼስ?"

ባዩ ቸኮሌቱን አየ፤ እሷን አየ። "የተሳፋሪ ነው። ሕፃን ልጅ ይዛ የነበረች ሴት ጥላው ወረደች። እመልስላታለሁ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።"

"እሺ፣ በሕፃን አሳበብክ።"

"ሸዋረጋ፣ በማርያም፤"

"ማርያምን ከቸኮሌት ጋር አታገናኛት።"

ቤቴል ከክፍሏ ወጣች። አማርኛውን ከምትናገረው በላይ ትሰማለች፤ ይህን ክርክር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ የተለበጠውን ፔን በሁለት ጣቷ አነሣች።

"ማም፣ ዌይት። ዳድ፣ ዩ ኪፕ ዩር ኢንሱሊን ኢን ዘ ካር?"

"የት ላድርገው ታዲያ? እናትሽ ፍሪዘር ከተተችው፣ ባኞ ቤት ከተተችው።"

"ፍሪዘር?" ቤቴል ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ማም፣ ቸኮሌቱ ሾርባ ሆነ፣ ራይት? ሴም ካር፣ ሴም ሂት። ኢንሱሊኑስ? ኢት ዳይድ። ሂ ኢዝ ኢንጀክቲንግ ወተር፤ ውኃ ነው የሚወጋው።"

 ባዩ በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ ልጅ መውለዱ አስደስቶት አያውቅም። ሸዋረጋ ግን ለመሸነፍ የምትቸኩል ሴት አይደለችም።

"መድኃኒቱ መሞቱስ ይሁን" አለች ጣቷን ከቸኮሌቱ እየጠረገች፤ "ይኼን ማን እንደ ገዛው ግን ገና አልተረጋገጠም።"

በማግሥቱ ባዩ አዲሱን ሳጥን ሊወስድ ፋርማሲ ሄደ። መስኮቱ ላይ ያለችው ወንጌላዊት የምትባል ፋርማሲስት ነበረች፤ ከወንጌላውያኑ የአማርኛ ጉባኤ የሆነች የአበሻ ልጅ። መድኃኒቱን ከመስጠቷ በፊት ኮምፒውተሩን አየችና ግንባሯን ቋጠረች።

"ጋሼ ባዩ፣ ዶዙ በጣም ጨምሯል እኮ። የበፊቱን የት ነበር የሚያስቀምጡት?"

እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ልጅቱ ሳታስበው ቀጠለች። "ብዙ ሰው እኮ መኪና ውስጥ ጥሎት ይሄዳል። ፍሪዘር የሚከትም አለ።"

"ምን ዓይነት ሰው ነው እሱ?" አለ ባዩ፣ ራሱን እየነቀነቀ። "የእኔማ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ሁልጊዜ።"

"ጎበዝ። እንግዲያው ያልተከፈቱትን መሃል መደርደሪያ ላይ ያድርጓቸው፤ በሩ ላይ ይሞቃል፣ ከኋላ ግድግዳው ሥር ደግሞ በረዶ ይነካዋል። የጀመሩትን እቤት፣ ከምድጃና ከፀሐይ ራቅ አድርገው፤ አንድ ወር ግድም ነው፣ ወረቀቱ ላይ አለ። ክኒንና ስትሪፕም ባኞ ቤት አያስቀምጡ፤ እንፋሎቱ ያበላሻል። አዲስ ስትሪፕ ልስጥዎት?"

"ስጪኝ" አለ፤ የምትለውን ሁሉ በዚህ ጊዜ በደንብ ሰማ። ከአንዱ ሐሰቱ በቀር ምንም አላጠፋም። ነገር ግን ያቺ አንዲት ሐሰት ሳትነገር ብትቀር ኖሮ ወንጌላዊት ለሐኪሙ ትደውል ነበር፤ ያ ሁሉ ዶዝ የተጨመረው በሞተ ኢንሱሊን ላይ እንደሆነና ሕያው ሲገኝ ደግሞ መጠኑ ሊገድል እንደሚችል ትነግረው ነበር። ባዩ አላወቀም። ሸዋረጋም አላወቀችም። ሳጥኑን በአሮጌ የአይስክሬም ዕቃ ውስጥ ደብቃ መሃል መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው።

ያ እሑድ እንደገና የማኅበሩ ተራቸው ነበር። ባዩ ጠዋት አዲሱን ፔን በአዲሱ ዶዝ ተወጋና ሳይቀምስ ቅዳሴ ሄደ። ከቅዳሴ ሲመለሱ ቤቱ በእንግዳ ተሞላ፤ ቄሱ ደግሞ ዘግይተዋል፤ ጸሎት ሳይደርስ እህል አይነካም። ሸዋረጋ ከሳሎኑ ጥግ ሆና ባሏን ታየዋለች፤ ባዩም መታየቱን ያውቃል። ያን ቀን ዳቦውን ተሸክመው አጠገቡ ሲያልፉ እንኳ ፊቱን ያዞር ነበር። ይኸው ዐይኗ እያየ፣ አልበላም።

መጀመሪያ ጣቶቹ ተንቀጠቀጡ። ሙቀቱ ነው አለ። ከዚያ ሸሚዙ በላብ ራሰ፤ አጠገቡ የተቀመጠው የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው ተድላ፣ ሲናገር ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ መሰለው። ተድላ "ጤናህ ነው?" ቢለው ባዩ "ስድስት ሰዓት ላይ ኤርፖርት አለብኝ" ብሎ መለሰ። ያልጠየቁትን መመለሱ ሸዋረጋን ከተቀመጠችበት አስነሣት።

ቤቴል መለኪያውን ይዛ መጣች። ሰው እያየ፣ እንግዳው ሁሉ እያየ፣ የአባቷን ጣት ወጋች።

"ማም፣ ፎርቲ ናይን። ስኳሩ ወርዷል፤ በጣም ሎው ነው። ስኳር ስጪው፣ ናው።"

ሸዋረጋ የሰማችውን ማመን አቃታት። "ስኳር?"

"ስኳር፣ ማም! ጁስ፣ ሶዳ፣ ኤኒቲንግ!"

ወጥ ቤት ሮጠች። የስኳሩን ዕቃ ካየች ወራት ሆኗታል፤ ራሷ ነች ያስወገደችው። ማሩን ለጎረቤት ሰጥታዋለች። ጁስ ከተከለከለ ቆይቷል። ለእንግዳ የተገዛው ለስላሳ ሁሉ፣ እስከ መጨረሻው ጣሳ ድረስ፣ ባሏ እንዳይሰርቅ ብላ የመረጠችው ስኳር አልባ ነው። ለሻይ የቀረበው እንኳ የውሸት ስኳር ነው። ሸዋረጋ በፍሪጁ በርና በመደርደሪያው መካከል ቆማ ባዶ እጇን ቀረች። ባሏን ከስኳር ለማዳን ቤቷን ጠርጋ፣ አሁን ባሏ ስኳር አጥቶ ሊሞት ነው። "ቤቴ ውስጥ የለም" አለች ወደ ሳሎን ተመልሳ። "አንድ ፍሬ የለም።"

ያን ጊዜ እትዬ ሀረገወይን የእጅ ቦርሳቸውን ከፍተው ተነሡ። ወፍራም ክኒን የሞላበት ብልቃጥ አወጡና አራቱን በባዩ መዳፍ ላይ ቆጠሩ።

"አኝከው ልጄ። ግሉኮስ ነው፤ ብርቱካን ብርቱካን ይላል።"

ባዩ አኘከ። ሳሎኑ ሙሉ ሰው ሲያኝክ አየው። ወሬ ማዛመታቸውን የሚያውቁ ሁሉ ከባዩ ይልቅ እትዬ ሀረገወይንን ይመለከቱ ጀመር፤ ይህን ብልቃጥ ቦርሳው ውስጥ ይዞ የሚዞረው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

"ምን ታፈጣላችሁ?" አሉ። "ስኳር ከያዘኝ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ለማን ልንገር? ለእናንተ? እናንተ ወሬኞች ናችሁ።"

መጀመሪያ ተድላ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። ቄሱ የገቡት በዚያ መሃል ነበር፤ ምን እንደ ተፈጠረ ሳይነገራቸው አብረው ፈገግ አሉ።

ቤቴል ጥቂት ቆይታ ደግማ ለካች። ቁጥሩ ወጥቷል። እህል መብላት አለበት ተባለ፤ ቄሱም ጸሎቱን አሳጥረው ባርከው ሰጡት። ቤቴል የደወለችላት የክሊኒኩ ተረኛ ነርስ በስልክ ስፒከር ላይ ሁሉንም ጠየቀችው፤ ባዩም በዚህ ጊዜ ፍሪዘሩን፣ ባኞ ቤቱን፣ መኪናውን፣ ለወንጌላዊት የዋሸውን ሳይቀር በእንግዳው ፊት ዘረገፈው። ነርሷ የነገውን መርፌ እንዳይነካ፣ ሐኪሙ ራሱ ደውሎ ዶዙን እንደሚያወርድ፣ እስከዚያ ቶሎ ቶሎ እንዲለካ ነገረችው።

"ሙቀት ላይ የቆየ ኢንሱሊን ካለ ይጣል" ብላ ዘጋች።

እትዬ ሀረገወይን ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "ምን ያህል ሙቀት?"

"የእርስዎ የት ነው ያለው እትዬ?" አለች ሸዋረጋ።

አሮጊቷ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ጎዳናው ዳር ፀሐይ ላይ የቆመች መኪናቸው ከዚያ ታበራለች።  ተድላ ቁልፉን ተቀብሎ ወረደ። አንዲት ሌላ ሴት ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "የኔ ባኞ ቤት ነው" አለች፤ ሌላዋ "የባለቤቴ ከፍሪዘሩ ሥጋ ጋር" አለች። የተደበቀው ሁሉ ከያለበት ይወጣ ጀመር።

ሸዋረጋ ግን አልሰማቻቸውም። የባሏ ወንበር አጠገብ በርከክ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ላቡን ትጠርግለት ነበር። ወሬኛው ሁሉ እየሰማት፣ ድምፅዋንም ሳትቀንስ፦

"ባዩ አልበላም ነበር" አለች። "ወራት ሙሉ አልበላሁም ሲለኝ ውሸታም አልኩት። ባሌ አልበላም።"

ባዩ ሊመልስላት ፈለገ። አፉ ግን እትዬ ሀረገወይን ለጥንቃቄ ደግመው ባጎረሱት ብርቱካናማ ስኳር ተሞልቶ ነበር።